ከላይ የሚሞቅ ስልክ

የጋለ ስልክ የሚመረመረው በጉንጭ ነው። ካዛንቺስ አንድ የሞባይል ጥገና ሱቅ ስቀጠር ባለሱቁ ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሩኝ ይህንን ነው። «እጅህን አትመነው» አሉኝ። «እጅህ ብየዳ ሲለምድ ይደነዝዛል። ጉንጭ ግን አይደነዝዝም።» ከዚያ የአንዱን ደንበኛ ስልክ አንስተው ጀርባውን ጉንጬ ላይ ለጠፉት። ሙቀቱ ከታች፣ ቻርጀር በሚሰካበት በኩል ከሆነ ቻርጀሩን ወይም መሰኪያውን ትጠረጥራለህ። መሃል ጀርባው ላይ ከሆነ ባትሪውን። ከላይ፣ ካሜራው አጠገብ ከሆነ ግን ስልኩ ውስጥ የሚሠራ ነገር አለ ማለት ነው። ሰውዬው ኪሱ ከቶት ረስቶታል፣ ስልኩ ግን አልተኛም።

እውነታቸውን ነበር። ጋሼ (እንደዚያ ነበር የምጠራቸው) ሌላም ደንብ ነበራቸው፦ «ከሚሸጠው ጀምር።» ቻርጀር ይሸጣል፣ ባትሪ ይሸጣል። የትኛው አፕሊኬሽን ባትሪ እንደሚበላ ዝርዝሩን ከፍቶ ማየት ግን የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ለእሱ የሚከፍል ሰው የለም። ስለዚህ የጋለ ስልክ ሲመጣ መጀመሪያ ቻርጀሩን፣ ቀጥሎ ባትሪውን፣ ቀጥሎ አፕዴቱን፣ ዝርዝሩን ደግሞ መጨረሻ ላይ እናያለን። በትክክል ቢሆን ኖሮ ዝርዝሩ ነበር መቅደም ያለበት። ይህንን ያኔም አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር እያልኩ ከማወራ ጭራሽ ባላወራው ይሻላል።

ሱቁ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የተሸጎጠ ነበር፤ ከካዛንቺስ ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ዳር። ከውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን መቆም አይችልም። ጋሼ በሩ ላይ ተቀምጠው ደንበኛ ይቀበላሉ፣ እኔ ከመስታወቱ ጠረጴዛ ጀርባ አቀርቅሬ እሠራለሁ። ከላያችን ሰው ደረጃውን በወጣና በወረደ ቁጥር አቧራ ይራገፍብናል። ዘመናዊ ስልክ በየሰዉ እጅ መግባት የጀመረበት ጊዜ ስለነበር ሥራ ሞልቶ ነበር፤ ሰዉ ስልኩን ገዝቶታል እንጂ ገና አላወቀውም። የማያውቅ ደንበኛ ደግሞ የነገሩትን ያምናል። ጋሼ ይህንን በጣም ይወዱታል። እኔም እየወደድኩት መጣሁ።

ሴትየዋ መጀመሪያ የመጣች ቀን ከሥራ መልስ ነበረች። ኡራኤል አካባቢ አንድ ኬክ ቤት ካሸር ናት፣ ቤቷ ቂርቆስ። ከእኔ ጥቂት ብትበልጥ ነው፤ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ። አበባ አበባ ያለበት ከቨር የለበሰ ስልክ መስታወቱ ላይ አስቀመጠችና እንደ ቀልድ አድርጋ ተናገረች።

«ይሄ ስልክ ሊያፋታኝ ነው።»

«ምን ሆነ እህቴ?»

«ጠዋት መቶ ሞልቼ እወጣለሁ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ጥርግ ብሎ ይዘጋል። ይግላል ደግሞ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦ። ካርድም ይበላል፤ በቃ ሞልቼው ሳልደውልበት ያልቃል። ባለቤቴ ሲደውል ካላገኘኝ ይቆጣል። ለምን ዘጋሽው ይለኛል። ካርዱ ሲያልቅ ደግሞ ማን ጋ ስትደውዪ ነው ይለኛል።»

አንድ ሠራተኛ እነዚህን ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሰምቶ ቻርጀር አይጠረጥርም። ሳይነኩት የሚግል፣ ሳይነኩት የሚጨርስ፣ ሳይደወልበት ካርድ የሚበላ ስልክ ከጀርባ ሆኖ በኢንተርኔት የሆነ ነገር የሚልክ አፕሊኬሽን አለበት። ያኔ እንደ ዛሬው ጥቅል መግዛት አልተለመደም፣ ዳታ ከተከፈተ በቀጥታ ከካርዱ ነው የሚቆርጠው። ይህ ሁሉ በጭንቅላቴ አልፏል። እኔ ግን «ቻርጀሩን ይዘሽዋል?» አልኳት።

ይዛዋለች። ከመንገድ ላይ የተገዛ፣ ሲይዙት ባዶ ቆርቆሮ የሚያክል ቀላል ነገር ነበር። መለኪያ ላይ ስሰካው አንድ አምፔር ይሰጣል ተብሎ የተጻፈበት፣ ሩቡን እንኳ በቅጡ አይሰጥም፤ ቁጥሩ ይወጣል ይወርዳል። እንደተሰካ ስክሪኑን ስትነካው ጣቷ ያላረፈበት ቦታ ይከፈታል። ይህ የመጥፎ ቻርጀር ዋና ምልክት ነው፤ ኤሌክትሪኩን አጥርቶ አያሳልፍም፣ ስልኩም ከታች በኩል ይግላል። ስለዚህ አልዋሸኋትም። ቻርጀሯ በእርግጥ የማይረባ ነበር። ደህናውን ሸጥኩላትና ሄደች። ግማሽ እውነት ተናግሮ ዕቃ መሸጥን የመሰለ የሚያኮራ ነገር የለም፣ ቀኑን ሙሉ ሐቀኛ መስለህ ትውላለህ።

ሳምንት ሳይሞላት ተመለሰች። «ቶሎ ይሞላል አሁን። ግን ያው ነው፣ ስምንት ሰዓት ይዘጋል።»

ባትሪውን አወጣሁት። ያኔ ስልኮቹ የጀርባ ክዳናቸው በጥፍር ይነሳ ነበር። ባትሪውን መስታወቱ ላይ አስተኝቼ ጫፉን በጣቴ መታ አደረግሁት። ጤነኛ ባትሪ ጠፍጣፋ ስለሆነ መስታወት ላይ አይዞርም፤ ያበጠ ባትሪ ግን ሆዱ ላይ ቆሞ ይሽከረከራል። የእሷ ሁለት ጊዜ ዞረ። ለዓይን የማይታይ እብጠት ነበረው። አሳየኋት፣ ተገርማ ራሷ ደግማ አዞረችው፣ ሳቀች። ያንን ሳቅ አስታውሰዋለሁ፤ መፍትሔ ያገኘች መስሏታል። አዲስ ባትሪ ሸጥኩላት።

ስትወጣ ጋሼ «ይቺ ሴት ወዳሃለች» አሉ። «ባትሪ በባትሪ አደረግካት።» አብሬያቸው ሳቅሁ።

ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ሰላምታዋ አጠረ። የቀኝ እጇ ትንሽ ጣት በፋሻ ተጠቅልሏል፣ የስልኩን መክፈቻ ቁጥር በግራ እጇ እየተሳሳተች ነው የነካችው። ምን ሆንሽ አልኳት። «በር ነው» አለች። ጋሼ ቀና ብለው እጇን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወደ መንገዱ ዞሩ።

«ባትሪውም አልሆነም» አለች። «አዲሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሄደ፣ በቃ። እሱ ሆን ብዬ የምዘጋው ነው የሚመስለው። ተበላሽቶ ነው እለዋለሁ፣ አሠርተሽው የለም እንዴ፣ ታዲያ እንዴት ይበላሻል ይለኛል። ማለቴ፣ እውነቱን ነው እኮ። አሠርቼዋለሁ።»

እዚህ ላይ የእኔ ሥራ ምን እንዳደረጋት ልብ በሉ። መጀመሪያ የተበላሸ ስልክ ነበራት። አሁን የተጠገነ ስልክ አላት። የተጠገነ ስልክ ሲዘጋ ምክንያት የለውም።

እኔ ደግሞ ያን ቀን ቀልድ ያምረኝ ነበር። «ባልሽ ቀናተኛ ነው ማለት ነው፣ ደስ ይበልሽ፣ የማይቀና ባል ምን ያደርጋል» አልኳት። እንደ ጨዋታ አዋቂ ነው ያልኩት። አልሳቀችም። አልተቆጣችም። የታሰረውን ጣቷን ከመስታወቱ ላይ አንስታ ቦርሳዋ ሥር ደበቀችው።

በዚያ ወር የእሷ ዓይነት ስልክ አፕዴት መጥቶለት ነበር፤ አፕዴቱን የጫነ ሁሉ ስልኬ ጋለ፣ ባትሪ አይበረክትም እያለ ይመጣ ነበር። አንዳንዱ ሁለት ቀን ሲቆይ በራሱ ይረጋጋል፣ ስልኩ ከአፕዴት በኋላ ውስጡን እንደገና እያደራጀ ስለሚሠራ ነው። ሌላውን የድሮው ስሪት ትቶት የሄደውን ጊዜያዊ ፋይል ማጽዳት ያሻል። የእሷም አፕዴት ተጭኖበታል። ስልኩን አጥፍቼ በቁልፎቹ የጥገና ገጹን አስነስቼ ጊዜያዊ ፋይሉን አጸዳሁ። ፎቶዋም ስልክ ቁጥሮቿም አይነኩም። «ሁለት ቀን ታገሺው» አልኳት።

«ሁለት ቀን» አለች። ቃሉን እንደ ዕዳ ተቀብላ ነው የሄደችው።

ሁለቱን ቀን ታገሰች። በሦስተኛው መጣችና በሩ አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሌሎች ደንበኞች ነበሩ፣ ሁሉም እስኪሄዱ ጠበቀች። ከዚያ ስልኩን አቀበለችኝ።

«ዛሬ ካልተሠራ ይዤው ቤት አልገባም። እዚሁ ትቼው እሄዳለሁ፣ ጠፋብኝ እለዋለሁ። ከጠፋ ይሻላል።»

አንጀቴን በላችው። ከሦስት ጊዜ በኋላ መብላቷ ነው ነገሩን አስቀያሚ የሚያደርገው። ከተቀመጠች ሩብ ሰዓት አልፏል፣ ስልኩን አልነካችውም፣ ስክሪኑም ጠፍቷል። ጀርባውን ጉንጬ ላይ አስደገፍኩት። ከታች ቀዝቃዛ። መሃሉ ለብ ያለ። ከላይ፣ ካሜራው አጠገብ፣ ይፋጃል።

ዝርዝሩን ከፈትኩ። በጤነኛ ስልክ ላይ ባትሪ በመብላት አንደኛ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ነው። የእሷ ስክሪን ከታች ነው ያለው። ከላይ ግማሹን ባትሪ ብቻውን የበላ አንድ አፕሊኬሽን ተቀምጧል፤ እንደ ሴቲንግ የጥርሳም ክብ ምልክት ያለው፣ ስሙ የስልኩ የራሱ ክፍል የሚመስል፣ አይቶ የሚያልፉት ዓይነት። ውስጡ ገባሁ። ያለችበትን ቦታ ያያል፣ ጥሪዋን ያዳምጣል፣ መልእክቷን ያነባል፣ ሁሉንም በዳታ ይልካል። ማስተካከያውን ልከፍት ስል አራት አሃዝ ጠየቀኝ።

እጄ ከእኔ ቀድሞ ነካው። ሱቃችን ለሚያስተካክለው ስልክ ሁሉ የምንሰጠው አንድ ቁጥር ነበረን፣ ጋሼ ከብዙ ዓመት በፊት የመረጡት፤ ደንበኛው በኋላ ይቀይረው እያልን ለሁሉም እሱን ነበር የምናስገባው። ያንን ቁጥር መታሁ። ተከፈተ።

የጫንኩት እኔ ነኝ።

አስታወስኩት። ከወር ተኩል በፊት አንድ ሰው መጥቶ ነበር። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ የለሰለሰ፣ ጋሼን ጎንበስ ብሎ ሰላም ያለ፣ አርባ የሚጠጋ የቢሮ ሰው። ስልኬ ነው፣ ሌባ ቢወስድብኝ የት እንዳለ ማየት እፈልጋለሁ አለ። ከዚያ ግን አፕሊኬሽኑ እንዳይታይ ይደረግልኝ አለ። ጥሪም የሚቀዳ ቢሆን ይሻላል አለ። ለሌባ። ስልኩን ከመስጠቱ በፊት ከቨሩን አውልቆ ኮቱ ኪስ ከቷል፤ አበባ አበባ ያለበት ከቨር። አይቻለሁ። «ቦታውን በየስንት ደቂቃ ይላክ?» አልኩት። «ስንት ይቻላል?» «እስከ አንድ ደቂቃ ይወርዳል።» «እንግዲያው አንድ አድርገው» አለኝ።

በየደቂቃው ቦታ የሚፈልግና የሚልክ ስልክ ከሳተላይቱ ጋርም ከኔትወርኩም ጋር ሲነጋገር ይውላል፤ ባትሪው ከቀትር ብዙም አያልፍም። ይህንን ለሰውየው መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩትም። ባትሪ የሚጨርስ ስልክ ተመልሶ የሚመጣው ወደ እኛ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። የሚከታተላት አፕሊኬሽን ባትሪዋን ይጨርሰዋል፣ ስልኩ ይዘጋል። ሲዘጋ እሱ ቢሮው ተቀምጦ የሚያያት ነጥብ ካርታው ላይ ትቆማለች። ነጥቧ ስትቆም ሆን ብላ ዘጋችው ይላል። ካርዷንም የሚጨርሰው የእሱው ሰላይ ነው፣ እሱ ግን ማን ጋ ደወልሽ ብሎ ይጠይቃል። ለራሱ ሥራ እሷን ይቀጣል፣ ይህንንም አያውቅም። በዓለም ላይ ይህንን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም በርጩማዋ ፊት ለፊት ስልኳን ይዞ ተገትሯል።

ፊቴ ሳይለወጥ አልቀረም መሰል፣ ጋሼ መጥተው ከትከሻዬ በላይ ስክሪኑን አዩ። ቁጥሩን፣ አንድ ደቂቃ የሚለውን፣ ሁሉን አዩ። ጆሮዬ ሥር ተናገሩ።

«ብትነግራት ባሏ ነገ እዚህ ነው። ብታጠፋውም ነገ እዚህ ነው። ሱቄ ውስጥ ነው የተጫነው፣ ገባህ?»

«ጣቷን አይተውታል ጋሼ?»

«አንተ የስልክ ሐኪም ነህ። ስልኩን አድን።»

ጋሼ አስገደዱኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አላስገደዱኝም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የተናገሩት፣ እኔም ያ ዓረፍተ ነገር እስኪመጣ እየጠበቅሁ ነበር። አንድ ደቂቃ የሚለውን ወደ ግማሽ ሰዓት ቀየርኩት። የተቀዱት ጥሪዎች በዳታ እንዳይላኩ፣ ዋይፋይ ሲያገኙ ብቻ እንዲሄዱ አደረግኩ። ከሥራ አንጻር ካያችሁት ንጹሕ ጥገና ነው፤ ሙቀቱ ይቀራል፣ ባትሪው እስከ ማታ ይሄዳል፣ ካርዱም አይበላም።

«አገኘኸው?» አለች።

«አንድ ከኋላ የሚሠራ ነገር ነበር። አስተካከልኩት።»

«ምን ዓይነት ነገር?»

«የስልኩ የራሱ ነው። የሲስተም ነው።»

«እኔ ነኝ የጫንኩት? የነካሁት ነገር አለ?»

«አይ፣ አንቺ አይደለሽም።»

በዚያ ቀን ከአፌ የወጣ ብቸኛ እውነት ይህ ነው።

ከሳምንት በኋላ ከሥራዋ አንድ ካርቶን ኬክ ይዛ መጣች፣ ለእኔና ለጋሼ። ስልኩ ማታ ሁለት ሰዓት ድረስ ይቆያል አለች። ቤቱ ሰላም ሆኗል አለች። «እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ። አንተ ባትኖር እንዴት እንደምሆን አላውቅም።» ጋሼ ኬኩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው መረቋት። እኔም በላሁ። ጥሩ ኬክ ነበር፤ አልወረደልኝም ብል ውሸት ይሆናል።

የባልየው መምጣት ግን አልቀረም። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው የመጣው፣ ስልኳን ይዞ፣ ከቨሩን ሳያወልቅ። አሁን መደበቅ አላስፈለገውም።

«ወንድሜ፣ በየደቂቃው ነበር እኮ ያዘዝኩህ። አሁን በግማሽ ሰዓት አንዴ ነው የሚመጣው። ማን ነካው?»

ጋሼ ከበሩ ተነሥተው ውሃ ሊገዙ ሄዱ። እውነቴን ነው፤ ውሃ ግን ጠረጴዛው ሥር ሞልቶ ተቀምጧል።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «እሷ ይዛው መጣች፣ ባትሪ ይጨርሳል ብላ። አራት ጊዜ ተመላልሳለች።»

«ምን ነገርካት?»

«ምንም አልነገርኳትም።»

አየኝ። እንደማልዋሽ ገባው፤ ደስም አለው። እኔ ግን ባለኝ ትንሽ ድፍረት አንድ ነገር ልሞክር ብዬ ነገሩን በሙያ አስመስዬ አብራራሁለት። በየደቂቃው ሲላክ ስልኩ እንደሚግል፣ ባትሪው ስምንት ሰዓት ሳይሞላ እንደሚያልቅ፣ ዳታው ካርዱን እንደሚጠርገው። «ማለት እሷ አልዘጋችውም» አልኩት። «አንድም ቀን አልዘጋችውም። ካርዱንም አልደወለችበትም። አፕሊኬሽኑ ነው።»

ይህ ሲገባው ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አያለሁ ብዬ ጠበቅሁ። ጣቷን የሚያስታውስ መስሎኝ ነበር። ራሱን ነቀነቀ፤ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት እንደነገሩት ሰው።

«እሺ፣ ጥሩ» አለ። «ታዲያ በየደቂቃው ሆኖ እስከ ማታ እንዲቆይ ምን ይደረጋል?»

አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። አይቻልም ማለትም ይቻል ነበር፣ ያምነኝ ነበር፣ ደንበኛ የነገሩትን ያምናል። ግን ጥያቄው የሙያ ጥያቄ ነው፣ መልሱንም አውቀዋለሁ፣ አፌም ለመመለስ የሰለጠነ ነው። «ወፍራም ባትሪ አለ» አልኩት። «ከራሱ ክዳን ጋር ነው የሚመጣው። ስልኩ ይከብዳል፣ ግን እጥፍ ይቆያል።» እሱኑ አደረግሁለት። ደቂቃውን ወደ አንድ መለስኩት። የጥሪ ቅጂውም እንደ ድሮው በዳታ ይሂድልኝ አለኝ፣ ለካርዱ እኔ እሞላላታለሁ አለ። ሲወጣ በትህትና አመሰገነኝ፤ ጋሼን ደረጃው ጋ ሲያገኛቸውም ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስታልፍ ብቅ አለች፣ ለጥገና አልነበረም። ያበጠውን ስልክ ከቦርሳዋ አውጥታ ሚዛን ላይ እንዳለ ነገር መዳፏ ላይ ከፍ ዝቅ አደረገችው። አበባ አበባው ከቨር አይበቃውም፣ አውልቃዋለች። ፋሻው ተፈትቷል፤ ትንሿ ጣቷ ግን ቀጥ አላለችም።

«አየህልኝ? ባለቤቴ ነው የገዛልኝ። ሳልጠይቀው። ካርድም ራሱ ይሞላልኛል አሁን፣ ማን ጋ ደወልሽ ማለት ቀረ።» ፊቷ በርቷል። «አንተ አራት ጊዜ አመላልሰኸኝ ያላወቅከውን እሱ በአንድ ቀን አወቀው። ትንሽ ባትሪ ስለሆነ ነው አለኝ። ይቅርታም ጠየቀኝ፣ ታምናለህ? አንቺ አልነበርሽም ለካ አለኝ።»

ጋሼ ወደ መንገዱ ያያሉ። እኔ መስታወቱን በጨርቅ እወለውላለሁ፤ ንጹሕ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች። «እስከ ማታ ይቆያል፣ ግን አሁንም ይግላል። ትልቅ ባትሪ ስለሆነ ነው አይደል? እስቲ እየው።»

ተቀበልኳትና ጀርባውን ጉንጬ ላይ አስደገፍኩት። ከታች ቀዝቃዛ ነው። መሃሉ፣ ያ ወፍራም ባትሪ ያለበት፣ ለብ ያለ። ከላይ ይፋጃል። በዚያች ደቂቃ እኛ ሱቅ ውስጥ መሆኗን እየላከ ነበር።

«ደህና ነው» አልኳት። «ምንም የለበትም።»